«ከግብር ነፃ መሆናችሁን አስረዱ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ በምን እንመልስ?

የአናጢዎች ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የአናጢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። 64 አባላት አሉን። ጣውላ፣ ሙጫና ምስማር በጅምላ ገዝተን ለአባላት እናከፋፍላለን፣ የመሰንጠቂያና የመላጊያ ማሽኖችም በጋራ አሉን። ከተመዘገብን ጀምሮ እንደ ማኅበር የገቢ ግብር ከፍለን አናውቅም፤ ሕጉ ነፃ አድርጎናል።

ባለፈው ሳምንት ከግብር ሰብሳቢው ደብዳቤ መጣ። «ከግብር ነፃ መሆናችሁ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል፣ በ15 ቀን ውስጥ በማስረጃ አስረዱ» ይላል። ሦስት ነገር ጽፈዋል። አንደኛ፣ ባንክ የገባው ገንዘብ በሒሳብ መግለጫችን ላይ ካለው ገቢ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ አባል ላልሆኑ ሰዎች ጣውላ ትሸጣላችሁ፣ አዳራሽም ታከራያላችሁ፣ ስለዚህ ነጋዴ ትመስላላችሁ። ሦስተኛ፣ የጠቅላላ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ትርፍ «ለአባላት በዕጣቸው መጠን» ተከፋፈለ ስለሚል እንደ ማንኛውም ኩባንያ ለባለድርሻ ትርፍ አከፋፍላችኋል።

ሊቀመንበራችን «የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ኮፒ አድርገሽ ላኪላቸው፣ በቃ» ይላሉ። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የገጠመው ሰው ካለ ይምከረኝ።

የሙያ ማኅበር ገንዘብ ያዥ

እህቴ አይዞሽ፣ እኛም አምና ደርሶናል። ነፃ ነን ብለን ከሠራተኞቻችን ደመወዝ ግብር ቀንሰን አናስገባም ነበር። ቅጣቱ አናታችንን አዞረው። በኋላ ተነጋግረን በየወሩ በክፍያ ጨረስነው። አንቺም ሄደሽ ተነጋገሪ፣ ሰዎች ናቸው።

የአናጢዎች ጸሐፊ

አመሰግናለሁ፣ ግን የእኛ የደመወዝ ጉዳይ አይደለም። እሱን በየወሩ እናስገባለን።

ጡረተኛው ኦዲተር

ገንዘብ ያዡ ያነሳው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ጥሩ ነገር አስታወሰን። ማኅበሩ ነፃ የሚሆነው በራሱ ገቢ ላይ ነው። ከሠራተኛ ደመወዝ ቀንሶ የሚያስገባው የሠራተኛው ግብር ነው፣ ከነፃነቱ ጋር አይገናኝም። የተጨማሪ እሴት ታክስም እንደዚያው ለብቻው ይታያል። የእናንተ የደመወዝ ግብር በየወሩ ገብቷል ካልሽ ደረሰኞቹን አስቀምጪ፤ ካልተጠየቅሽ ግን አትላኪ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ሊቀመንበሩን አክብሬ አልስማማም። የምዝገባ ወረቀቱ በዚያ ቀን ማኅበር እንደነበራችሁ ያሳያል። እነሱ የጠየቁት ግን ባለፈው ዓመት እንደ ማኅበር ሠርታችኋል ወይ ነው። ወረቀቱ ይህን አይመልስም። ይግባ፣ ግን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ሆኖ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን እና እጃችሁ የገባበት ቀን አንድ ነው? 15 ቀኑስ ከየትኛው ይቆጠራል ይላል?

የአናጢዎች ጸሐፊ

የተጻፈበት ከእኛ 6 ቀን ይቀድማል። «ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ» ይላል። ጥበቃው ፈርሞ ነው የተቀበለው፣ የመላኪያ መዝገቡ ላይ ቀኑ አለ።

ጡረተኛው ኦዲተር

ጎበዝ ጥበቃ። የዚያን መዝገብ ገጽ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በክርክሩ ሳይሆን በቀን ቆጠራ ነው።

ደግሞ አስተውዪ፣ ይህ ጥያቄ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ውሳኔ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ነበር የምታቀርቡት፣ እሱ የራሱ ጊዜና የራሱ መንገድ አለው፣ ይህንንም ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የእናንተን አዋጅ ራስሽ ማንበብ አለብሽ። አሁን ያላችሁት የማስረዳት ዕድል ነው። ሰነድ ለማሰባሰብ 15 ቀን የማይበቃ ከመሰለሽ ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ጊዜው ከማለቁ በፊት፣ ለምን እንደፈለግሽው ጠቅሰሽ። በስልክ «እሺ፣ ችግር የለም» ያሉሽ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም።

ቁጥር አይዋሽም

እዚህ ሁላችሁም ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳላችሁ። ሕጉ ግልጽ ነው። ከገቢያችሁ 85 ከመቶው ከአባላት ካልመጣ ነፃነቱ የለም። ጸሐፊዋ ቁጥሩን ታውጣና እንይ።

የአናጢዎች ጸሐፊ

እውነተኛውን ቁጥር እዚህ አላወጣም፤ በክቡ ልንገራችሁ። በዓመቱ ባንክ የገባው 1,000,000 ነው እንበል። መግለጫችን ላይ ያለው ገቢ 820,000። ልዩነቱ 180,000 ነው፣ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይሄ ነው።

ከ820,000 ውስጥ ከአባላት የተገኘው 690,000 ነው። አባል ላልሆኑ የተሸጠ ጣውላ 74,000፣ የአዳራሽ ኪራይ 36,000፣ የባንክ ወለድ 20,000።

ቁጥር አይዋሽም

690 ለ820 አካፍሉ። 84.1 ከመቶ። አለቀ። ከ85 በታች ናችሁ። ጠበቃ ፈልጉ።

ማዶ ያለሁት

ኧረ ወንድሜ ቀስ በል! ያ 85 ከመቶ የምትለውን የት እንዳነበብከው አውቀዋለሁ። የአሜሪካ ሕግ ነው፣ እሱም ቢሆን ለሁሉም ማኅበር አይደለም። ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለመስኖ ቦይና ለመሳሰሉት ኅብረት ሥራዎች የተቀመጠ መለኪያ ነው። እዚህ የምኖር ስለሆነ ስሙን ሰምቼዋለሁ።

የኛን ማኅበር ታሪክ ልንገራችሁ። እዚህ የመረዳጃ ማኅበር ነበረን፣ ከግብር ነፃ። «ነፃ ከሆንን ምን እናስታውቃለን?» ብለን ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ መግለጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳናስገባ ቀረን። እዚህ አገር ሦስት ዓመት ከዘለልክ ነፃነቱ በራሱ ይወድቃል፣ ጥያቄም አይጠይቁህም። እንደ አዲስ ማመልከቻ ሞልተን፣ ከፍለን ነው የተመለሰልን። የጥፋቱ ባለቤቶች እኛው ነን። ጸሐፊዋ ቢያንስ ጠይቀውሻል።

ቁጥር አይዋሽም

እሺ የአሜሪካ ይሁን። ግን የሆነ መለኪያ መኖር አለበት። 16 ከመቶ ከውጭ ገቢ ያለው ማኅበር ማኅበር ነኝ ሲል አያሳፍርም?

ጡረተኛው ኦዲተር

አያሳፍርም። ግን ጥያቄህ ከንቱ አይደለም። አንዳንድ ሕግ በመቶኛ ገደብ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ የአባላቱን ሥራ ነፃ አድርጎ የውጩን ሥራ ብቻ ግብር ያስከፍላል፣ ሌላው ደግሞ «ዋና ዓላማው ምንድን ነው» ብሎ ይመዝናል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ «አለቀ» ማለት ሴትዮዋን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። በሦስቱም መንገድ ግን የሚፈለገው ማስረጃ አንድ ነው፤ የአባልና የውጭ ገቢ ተለያይቶ መታየት አለበት። አንድ መደብ ውስጥ የደባለቀ ማኅበር በየትኛውም ሕግ ይጎዳል።

ወለዱንም አስተውሉ። 20,000ው ከየት ይመደባል? ከአባላት አልመጣም፣ ከውጭ ደንበኛም አልመጣም። ለብቻው ይቀመጥ። 110,000 ብቻ ከሆነ የውጩ ገቢ 13.4 ከመቶ ነው፣ ከወለዱ ጋር 15.9። ሁለቱንም ጻፊ፣ አትደብቂ።

ጸሐፊዋ፣ አሁን 180,000ውን ዘርዝሪልን።

የአናጢዎች ጸሐፊ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር የባንክ ስቴትመንቱን መስመር በመስመር ሄድንበት። እንዲህ ወጣ። አዲስ አባላት የከፈሉት የዕጣ ገንዘብ 60,000። ለማሽን ጥገና ከባንክ የተበደርነው 70,000። ከአንዱ ሒሳባችን ወደ ሌላው ያዛወርነው 40,000። የተበላሸ ጣውላ መልሰን ከአቅራቢው የተመለሰልን 10,000። ሲደመር 180,000። እልል አልኩ!

ጡረተኛው ኦዲተር

እልልታው በቦታው ነው፣ ግን ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጪው ዝርዝሩን ብቻ ከሆነ «እናንተ ናችሁ ያላችሁት» ይሉሻል። ለእያንዳንዱ መስመር ከማኅበሩ ውጭ ያለ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ቢያንስ ለትልልቆቹ። ለብድሩ የባንኩ ውል። ለዝውውሩ የሁለቱም ሒሳቦች ስቴትመንት፣ ከአንዱ የወጣበትና ወደ ሌላው የገባበት መስመር በቀለም ተሰምሮ። ለተመለሰው ጣውላ የአቅራቢው የመመለሻ ሰነድ። ለዕጣው የየአባሉ ደረሰኝና የአባላት መዝገብ፤ አባሉ የተቀበለበት የኮሚቴ ውሳኔ ቀን ከደረሰኙ ቀን ጋር መግጠም አለበት።

የመጨረሻውን በደንብ አጣሪው። ዕጣ ከፍሎ ገና አባልነቱ ያልጸደቀ ሰው ጣውላ ከገዛ፣ ያ ግዢ በዚያን ቀን የአባል ግዢ አይደለም። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

የአናጢዎች ጸሐፊ

ጋሼ ይህችን ባይጠቅሱ አላየውም ነበር። 4 ሰዎች አሉ። ከመጽደቁ በፊት በድምሩ 5,000 የሚሆን ጣውላ ገዝተዋል፣ የአባል ብለን ነው የመዘገብነው። ምን ላድርግ?

ዝም አልልም

ምን ታደርጊያለሽ፣ የጸደቁበትን ቃለ ጉባኤ ቀን በአንድ ወር ወደ ኋላ መልሺው። 5,000 ነው። ማን ያየዋል? እግረ መንገድሽንም «በዕጣቸው መጠን» የሚለውን ቃለ ጉባኤ አስተካክለሽ ጻፊው፣ የፈረሙት ሰዎች እንደሆኑ እጃችሁ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ በዚያው አበቃ።

ጡረተኛው ኦዲተር

ይህን ምክር የሚሰማ ሰው ማኅበሩን አይደለም ራሱን ነው የሚቀብረው። ቃለ ጉባኤው እነሱ ጋ አለ! ቃል በቃል ጠቅሰውታል እኮ። ሌላ ቅጂ ይዛችሁ ስትሄዱ የግብር ጥያቄው ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም ወረቀታችሁን ማንም አያምንም።

5,000ውን ከአባላት ገቢ ቀንሰሽ ወደ ውጭ ገቢ አዛውሪው። የአባላቱ 685,000 ይሆናል፣ የውጩ 115,000። በአንድ አንቀጽ «ስናጣራ ያገኘነው ነው፣ አስተካክለናል» በዪ። ራስሽ ያረምሽው ትንሽ ስህተት የቀረውን ቁጥር ያስከብረዋል።

ዝም አልልም

እኔ እኮ እንዲህ የሚደረግ አይቼ ነው። ይሁን።

የአናጢዎች ጸሐፊ

አልነካውም፣ አይዟችሁ። ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በዕጣቸው መጠን» ብዬ ጽፌአለሁ። በተግባር ግን የከፈልነው በዕጣ አይደለም። ከአባላት ጋር በሠራነው ሥራ የተረፈው 69,000 ነበር፣ ያንን በገዙት ልክ ነው የመለስንላቸው። ብዕሬ አምልጦኝ ነው። ባለፉት ዓመታት ሁሉ ስንል የኖርነውን ቃል ሳላስብ ደገምኩት።

ጡረተኛው ኦዲተር

እንግዲህ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ከዚህ በኋላ ቀላል አድርገሽ ቁጠሪያቸው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ኩባንያ ለባለድርሻው የሚሰጠው ላስቀመጠው ገንዘብ ነው። ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ድርሻ ስላለው ብቻ ያገኛል። ማኅበር ግን በገዛህበት ልክ ሲመልስልህ ቀድሞ አስከፍሎህ የነበረውን ትርፍ ዋጋ ነው የሚመልስልህ። ጣውላውን አሥር ሲያወጣ አሥራ አንድ አስከፍሎህ፣ ዓመቱ ሲያልቅ አንዷን ይመልስልሃል። ይህ አሠራር ከ1844ቱ የሮችዴል ማኅበር ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ከኛ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ክፍያው ዕጣን ሳይሆን ግዢን እንደተከተለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። የ64ቱም አባላት ስም ወይም መለያ ቁጥር፣ ስንት ዕጣ እንዳለው፣ በዓመቱ ስንት እንደገዛ፣ ስንት እንደተመለሰለት። ግዢው ከሽያጭ መዝገቡ፣ ክፍያው ከፈረሙበት የክፍያ ዝርዝር ይወሰዳል። አሁን ከሰንጠረዡ ሁለት ሰው ፈልጊልኝ። ብዙ ዕጣ ኖሮት ጥቂት የገዛ፣ ጥቂት ዕጣ ኖሮት ብዙ የገዛ።

የአናጢዎች ጸሐፊ

ሠራሁት! አመላለሳችን 10 ከመቶ ነበር፣ 69,000 ለ690,000። ከሁሉም ብዙ ዕጣ ያላቸው አባል 40 ዕጣ አላቸው። ዓመቱን ሙሉ ታመው ስለነበር አንድም ጣውላ አልገዙም። የተከፈላቸው ዜሮ ነው። በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው አለ፣ ፊት ለፊቱ ሰረዝ ብቻ። ሌላው ልጅ ደግሞ ዝቅተኛዋን 2 ዕጣ ብቻ ነው ያለው፣ ግን 42,000 የሚያወጣ ገዝቶ 4,200 ተመልሶለታል።

አንድ ጣጣ አለ። እነዚያ 4ቱ ገና ሳይጸድቁ በገዙት 5,000 ላይም 500 መልሰንላቸዋል።

ጡረተኛው ኦዲተር

እነዚያን ሁለት ሰዎች በደብዳቤሽ አካል ውስጥ ጻፊያቸው፣ አባሪ ውስጥ አትቅበሪያቸው። በዕጣ ተከፋፍሎ ቢሆን ባለ 40 ዕጣው ከሁሉም ይበልጥ ባገኙ ነበር። ምንም አላገኙም። ይህን የሚያስተባብል የለም። የሕመማቸውን ነገር ግን አታንሺው፣ የማኅበሩ ጉዳይ አይደለም። ስምም አያስፈልግም፣ የመለያ ቁጥር ይበቃል።

500ዋን አትሸፋፍኚያት። ኮሚቴው ከአራቱ ይመለስ ብሎ ይወስን፣ ውሳኔው በዛሬ ቀን ይጻፍ፣ የተመለሰበት ደረሰኝ ይያያዝ።

ለቃለ ጉባኤውም እንደዚሁ። አሮጌው እንዳለ ይቆይ። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ከቻላችሁ ጥሩ፣ ካልቻላችሁ ኮሚቴው ይሰብሰብና በዛሬ ቀን አዲስ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። «ባለፈው ቃለ ጉባኤ ‹በዕጣቸው መጠን› የተባለው የአጻጻፍ ስህተት ነው፣ ክፍያው የተፈጸመው በግዢ መጠን ነው፣ መተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ይህን ያህል ይህንኑ ያዛል።» ደንባችሁ እንደዚያ ይላል አይደል?

የአናጢዎች ጸሐፊ

«በተሳትፏቸው መጠን» ነው የሚለው።

ቁጥር አይዋሽም

ተሳትፎ ማለት ስብሰባ መምጣትም ሊሆን ይችላል እኮ። ግዢ አላለም።

ጡረተኛው ኦዲተር

ነጥብ አገባህ። ለዚህ ነው ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት የክፍያ ዝርዝርም ማያያዝ ያለባት። ማኅበሩ ቃሉን እስከዛሬ እንዴት እንደተረጎመው ያሳያል። ደንቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ግልጽ ይደረግ፣ ለአሁኑ ግን ያለው ይላክ።

ማዶ ያለሁት

ስለ አዳራሹ ማንም አልተናገረም። ኪራዩን ዝም ብለው ነው የሚያልፉት?

ጡረተኛው ኦዲተር

ዝም አይባልም። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። አዎ፣ እንሸጣለን። አዎ፣ እናከራያለን። ይህን ያህል ነው፣ በዚህ ምክንያት ነው። ጣውላው በጅምላ ሲገዛ ለአባላት የማይሆን ልክ ይተርፋል፣ እሱ ነው የተሸጠው ካላችሁ በቁጥር አሳዩ። የገባው ስንት፣ አባል የወሰደው ስንት፣ የተረፈው ስንት። አዳራሹ የአባላት መሰብሰቢያ መሆኑን፣ በዓመት ስንት ቀን እንደተከራየ ከውሎቹ ቁጠሩ። ከዚህ ገቢ የተረፈው ለአባላት እንዳልተከፋፈለ፣ መጠባበቂያ ውስጥ እንደገባም አሳዩ።

ቁጥር አይዋሽም

በእኔ እምነት በውጩ ገቢ ላይ ያለውን ግብር አስልተው ራሳቸው ቢያቀርቡ ይሻላል። ዋናውን ለማዳን ትንሹን መስጠት ነው።

ጡረተኛው ኦዲተር

እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። የአገሩ ሕግ የውጩን ገቢ ለይቶ ግብር የሚጥል ከሆነ ልክ ነህ፣ እስካሁን አለመክፈላቸውም ስህተት ነው፣ ይክፈሉ። ሕጉ ሁሉንም ነፃ የሚያደርግ ከሆነ ግን ሳይጠየቁ መክፈል «ነጋዴ ነን» ብሎ መፈረም ይሆናል፣ ያለፉትን ዓመታትም ይጎትታል። ይህን አንድ ነጥብ ለግብር ባለሙያ ከፍላችሁ አሳዩት። ሌላውን ራሳችሁ ትችሉታላችሁ።

የሙያ ማኅበር ገንዘብ ያዥ

እኛ ከፍለን ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት የዚያኑ ያህል ጠየቁን። በቃ ልማድ ሆነ።

የአናጢዎች ጸሐፊ

ዛሬ በ13ኛው ቀን አስገባሁ። ደብዳቤው 3 ገጽ ነው፣ በእነሱ ጥያቄ ተራ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «አባሪ 4፣ ገጽ 2» እያልኩ። ዋናዎቹን ሰነዶች ለማመሳከሪያ ይዤ ሄድኩ፣ የሰጠሁት ግን ኮፒ ብቻ ነው። ዋናውን የክፍያ ዝርዝር ተዪልን ሲሉኝ «እዚሁ አመሳክሩት» አልኩና ፊቴ አመሳከሩት። የራሴ ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን አስመታሁ። 5,000ውንና 500ዋን በግልጽ ጻፍኩ።

ሰውየው ሰንጠረዡን ሲያይ ባለ 40 ዕጣው ላይ ቆመ። «እኚህ ምንም አላገኙም?» አለ። «ምንም» አልኩ። የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ የአዳራሹን የኪራይ ውሎች አገላብጦ አንዱ ተከራይ የሊቀመንበራችን ወንድም መሆናቸውን ከስሙ ለየ። ከሌሎቹ ባነሰ ዋጋ ነው የተከራዩት። «ይህን በሌላ ደብዳቤ እንጠይቃችኋለን» አለኝ።

ጡረተኛው ኦዲተር

አይ አይ። የኪራይ ዋጋውን የወሰነው ማን ነው? ኮሚቴው ሲወስን ሊቀመንበሩ ተነስተው ወጥተዋል ወይስ ተቀምጠው ድምፅ ሰጥተዋል? ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቂ፣ የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ዛሬ ማታ ፈልጊ።

የአናጢዎች ጸሐፊ

ፈልጌዋለሁ። ቃለ ጉባኤ የለም። ሊቀመንበሩ በቃል ነው የፈቀዱት።